የድሮ ጂሜይላችሁ እንዳይሰረዝ፦ የሁለት ዓመቱ ደንብ እንዴት ይሠራል፣ እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?

ጉግል በሜይ 2023 ያወጣው ደንብ አጭር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ባለቤቱ ያልተጠቀመበት የግል አካውንት ከነይዘቱ ሊሰረዝ ይችላል። ስረዛው የጀመረው በዲሴምበር 1 ቀን 2023 ሲሆን፣ ቅድሚያ የተሰረዙት ተከፍተው ከዚያ በኋላ ጭራሽ ያልተነኩት ናቸው። (እዚህ የምንጠቅሳቸው ቀኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስረዛው ከኢሜይሉ ያልፋል። ድራይቭ ላይ ያስቀመጣችሁት ሰነድ፣ ጉግል ፎቶስ ላይ ያለው ምስል፣ ከስልካችሁ የተቀመጠው የስልክ ቁጥር ዝርዝር፣ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። አድራሻውንም እንደ አዲስ መክፈት አይቻልም። በዚያው ስም አዲስ ጂሜይል ልክፈት ብትሉ አይፈቀድላችሁም፣ ለሌላ ሰውም አይሰጥም።

ኩባንያው የሰጠው ምክንያት የደኅንነት ነው። የተረሱ አካውንቶች ፓስወርዳቸው ያረጀ ወይም ሌላ ቦታ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። ከፓስወርዱ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የማብራታቸው ዕድልም በሥራ ላይ ካሉት ቢያንስ በ10 እጥፍ ያንሳል። ሌባ ከገባባቸው ማንም ስለማያያቸው ለረጅም ጊዜ ይጠቀምባቸዋል።

ደንቡ የሚመለከተው የግል አካውንትን ብቻ ነው። መሥሪያ ቤት ወይም ትምህርት ቤት የሰጣችሁ አካውንት በዚህ ደንብ አይመራም፤ የሚዘጋው የተቋሙ አስተዳዳሪ ሲዘጋው ነው። ከሥራ ስትለቁ ወይም ስትመረቁ በማግስቱ ሊዘጋ ስለሚችል፣ የግል ነገራችሁን እዚያ አታስቀምጡ።

ሁለቱ ዓመት የሚቆጠረው ከምን ተነሥቶ ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚቆጠረው እናንተ ወደ አካውንቱ ገብታችሁ የሠራችሁት ነገር ነው። ኢሜይል ማንበብ ወይም መላክ፣ ድራይቭ መጠቀም፣ ፎቶ ማጋራት፣ ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮ ማየት፣ ከፕሌይ ስቶር አፕ ማውረድ፣ ጉግል ላይ መፈለግ፣ ሌላ ድረ ገጽ ላይ በጉግል አካውንት መግባት፣ ከእነዚህ አንዱ ይበቃል። ግን ስትሠሩት በዚያው አካውንት ገብታችሁ መሆን አለበት። በአዲሱ ጂሜይላችሁ ሆናችሁ ቀኑን ሙሉ ዩቲዩብ ብታዩ ለድሮው አይቆጠርለትም።

ወደ አካውንቱ ደብዳቤ መግባቱም የእናንተ ሥራ አይደለም። ባንክና ቴሌግራም በየቀኑ ኢሜይል ቢልኩበት፣ ካልከፈታችሁት ሰዓቱ መቁጠሩን ይቀጥላል። አንድ አካውንት ሁለት ስልክ ላይ ካለ ደግሞ በአንዱ መጠቀም ይበቃል፤ ቆጠራው ለአካውንቱ እንጂ ለቀፎው አይደለም።

ከስረዛው ነፃ የሆኑም አሉ። ያላለቀ የሚከፈልበት አገልግሎት (ለምሳሌ ተጨማሪ የማከማቻ ቦታ) ያለው፣ የስጦታ ካርድ ቀሪ ሒሳብ ያለበት፣ ዲጂታል መጽሐፍ ወይም ፊልም የተገዛበት፣ የልጅ አካውንት በፋሚሊ ሊንክ የሚቆጣጠር አካውንት አይሰረዝም። ጉግል የዩቲዩብ ቪዲዮ ያለባቸውን አካውንቶች ለጊዜው የመሰረዝ ዕቅድ እንደሌለው ተናግሯል። «ለጊዜው» ያለውን ነገር እንደ ዋስትና አትያዙት።

ከአጠቃላዩ የአካውንት ደንብ ሌላ፣ ከጁን 2021 ጀምሮ የሚሠራ አንድ ሌላ ደንብ አለ። ጂሜይልን፣ ድራይቭን ወይም ፎቶስን ለየብቻ ሁለት ዓመት ካልነካችሁ፣ አካውንቱ በሕይወት እያለም የዚያ አገልግሎት ይዘት ሊሰረዝ ይችላል። በነፃ የሚሰጠውን የ15 ጊጋባይት ማከማቻ አልፋችሁ ሁለት ዓመት ከቆያችሁም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የልጆቻችሁ ፎቶ ያለበትን አካውንት በዩቲዩብ ብቻ «አንቀሳቅሼዋለሁ» ብላችሁ አትተዉት፤ ፎቶስን ራሱን ክፈቱ።

ማስጠንቀቂያው ለምን አይደርስም?

ጉግል ከመሰረዙ ቢያንስ ስምንት ወር ቀድሞ ማስጠንቀቂያ መላክ ይጀምራል፤ ከአንድ ጊዜ በላይም ይልካል። የሚልከው ወደ ሁለት ቦታ ነው፦ ወደዚያው ወደ ተረሳው አካውንት፣ እና ፓስወርድ ሲጠፋ አካውንቱን የምታስመልሱበት መልሶ ማግኛ ኢሜይል ካስመዘገባችሁ ወደዚያ። የመጀመሪያውን አትከፍቱትም፣ ለዚያ ነው የተረሳው። ሁለተኛው ከሌለ ወይም እሱም የተረሳ ያሁ ከሆነ፣ ማስጠንቀቂያው በሙሉ ባዶ ቤት ይደርሳል።

እኛ ዘንድ ደግሞ የተለመደ ነገር አለ። ስልክ ሲገዛ ሱቁ ፕሌይ ስቶር እንዲሠራ ብሎ ጂሜይል ይከፍታል፤ አድራሻውንም ፓስወርዱንም ገዢው አያውቀውም። መልሶ ማግኛ ስልኩ አንዳንዴ የሱቁ ልጅ ቁጥር ነው። ባለቤቱ ግን ለዓመታት ፎቶውን እዚያው ላይ ሲያከማች ይኖራል። ቀፎው እስካለ ድረስ ችግሩ አይታይም፤ ቀፎው ሲሰበር ወይም ሲጠፋ ነው የሚወጣው።

አጭበርባሪዎችም ይህን ደንብ ያውቁታል። «አካውንትዎ በ24 ሰዓት ውስጥ ይሰረዛል፣ ይህን ተጫኑ» የሚል መልእክት ከመጣ ሐሰት ነው፤ እውነተኛው የወራት ጊዜ ይሰጣል፣ ከመግባት ሌላም የሚጠይቃችሁ ነገር የለም። ሊንኩን ትታችሁ አድራሻውን ራሳችሁ ጻፉ፦ `myaccount.google.com`።

ሥራው በቅደም ተከተል

ቅደም ተከተሉን አትለውጡ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ፓስወርድ ይቀይርና መልሶ ማግኛውን ይረሳል፤ ከዚያ ስልክ ሲቀይር አዲሱን ፓስወርድ ይዞ በር ላይ ይቆማል። ጉግል ፓስወርዱ ትክክል ቢሆንም ስልኩን ካላወቀው ተጨማሪ ማረጋገጫ ይጠይቃልና።

1. ስልካችሁ ላይ ያሉትን አካውንቶች እወቁ። ፕሌይ ስቶርን ክፈቱና ከላይ በስተቀኝ ያለውን ክብ ምስል ንኩ። ስልኩ ላይ ያሉት ጂሜይሎች በሙሉ ይዘረዘራሉ። አድራሻዎቹን ፊደል በፊደል ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ነጥብና ቁጥሩን ሳይቀር።

2. በየትኛው ምን እንደታሰረ ለዩ። እያንዳንዱን የመልእክት ሳጥን ክፈቱና የጂሜይል መፈለጊያ ላይ ይህን ጻፉ፦

```
subject:(welcome OR verify OR confirm)
```

በዚያ አድራሻ የተመዘገባችሁባቸው ቦታዎች ይወጣሉ፦ ፌስቡክ፣ የቪዛ ማመልከቻ፣ የርቀት ትምህርት፣ የገንዘብ መላኪያ አፕ። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ አካውንቱ ያስፈልጋችኋል፤ የእነዚያ ሁሉ የ«ፓስወርድ ረሳሁ» መልስ የሚመጣው እዚያ ነውና። ምንም የሌለበትን ተዉት፣ ይሰረዝ።

3. መልሶ ማግኛውን አድሱ። `myaccount.google.com` ገብታችሁ Security የሚለውን ክፍል ክፈቱ። እዚያ Recovery phone እና Recovery email የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉ። ስልኩ አሁን ኪሳችሁ ያለው ሲም ቁጥር መሆኑን፣ ኢሜይሉ በየሳምንቱ የምትከፍቱት መሆኑን አረጋግጡ። የሱቁ ቁጥር ካለ አውጡት። ጉግል ለውጡን ሰው እንዳልሰረቀባችሁ ለማየት ለ7 ቀን ያህል ኮዱን ወደ ድሮው ቁጥርም ሊልክ ይችላል። ስለዚህ ለውጡን አድርጋችሁ በማግስቱ ስልክ አትቀይሩ።

4. ከዚያ በኋላ ፓስወርዱን ቀይሩ። የድሮውን ካላወቃችሁት፣ አካውንቱ የገባበት ስልክ በእጃችሁ ሳለ «Forgot password» በሉ። ጉግል ብዙ ጊዜ እዚያው ስልክ ላይ የስክሪኑን መክፈቻ ወይም Yes የሚል ቁልፍ ይጠይቅና ያሳልፋችኋል። ይህ መንገድ ስልኩ ከተበላሸ በኋላ የለም።

5. ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫን አብሩና Backup codes የሚለውን ክፈቱ። እያንዳንዳቸው ስምንት አሃዝ የሆኑ 10 ኮዶች ይሰጧችኋል። አንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል፤ አዲስ ካወጣችሁ የድሮዎቹ ይሰረዛሉ። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ፓስፖርት በምታስቀምጡበት አስቀምጡ። ስልኩ ላይ በፎቶ ብቻ ከያዛችኋቸው ስልኩ ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ።

6. አሁን ቆጠራውን አድሱ። ጂሜይሉን ከፍታችሁ አንድ ደብዳቤ አንብቡ፣ ለራሳችሁ አንድ መልእክት ላኩ፣ ድራይቭንና ፎቶስን ክፈቱ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ በዓመት ሁለት ቀን ምረጡ፣ ለምሳሌ እንቁጣጣሽና ፋሲካ፣ ስልካችሁም እንዲያስታውሳችሁ አድርጉ። ሁለት ዓመት ሙሉ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በስድስት ወሩ ስትገቡ መልሶ ማግኛ ቁጥሩ የተለወጠ መሆኑንም በጊዜ ታያላችሁ።

አንድ ጉዳይ ከነዝርዝሩ

በ2020 አዲስ አበባ ስልክ የገዛች ሴት አለች እንበል። ጂሜይሉን የከፈተላት ሱቁ ነው፤ መልሶ ማግኛ ኢሜይል የለውም። በኤፕሪል 2024 ዱባይ ሄደች፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀውን ስልክ እህቷ ዘንድ ትታ። ዱባይ አዲስ ስልክ ገዛች፣ አዲስ ጂሜይል ከፈተች። የእናቷ ፎቶና የትምህርት ማስረጃዎቿ ቅጂ ድሮው ላይ ቀርተዋል።

ስልኩ ቤት ውስጥ ጠፍቶ ስለተቀመጠ የመጨረሻው እንቅስቃሴ ኤፕሪል 2024 ነው፤ ሁለቱ ዓመት የሚሞላው በኤፕሪል 2026 ነው። ማስጠንቀቂያው በኦገስት 2025 ገደማ መውጣት ይጀምራል፤ ግን እሷም እህቷም አያዩትም። እሷ ብትጠየቅ «ጂሜይሌ እዚያ አለ» ብላ ነው የምትመልሰው።

መፍትሔው የሚጀምረው ከዚያ ቀፎ ነው። እህት ስክሪኑን ታሠራለች፤ ሠሪው ግን ስልኩን ፍላሽ እንዳያደርገው ቀድማ ትንገረው። ፍላሽ ከተደረገ አካውንቱ ከስልኩ ይወጣል፣ ስልኩም ሲነሣ የድሮውን ጂሜይልና ፓስወርድ ይጠይቃል፤ ማንም አያውቀውም። ስክሪኑ ከተሠራ በኋላ ዋይፋይ ይዛ ጂሜይሉን ትክፈትና አንድ ደብዳቤ ታንብብ። በዚህ ብቻ ሁለቱ ዓመት እንደ አዲስ ይጀምራል።

ቀሪውን ሁለቱ በስልክ እየተነጋገሩ ይሥሩት። እህት በድሮው ስልክ ላይ መልሶ ማግኛ ኢሜይል ብላ የዱባዩን አዲስ ጂሜይል ታስገባለች፤ ወደዚያ የሚመጣውን ኮድ የአካውንቱ ባለቤት ታነብላታለች። ስልክ ቁጥሩንም በዱባዩ ይቀይሩታል። ከዚያ እህት ፓስወርዱን ትቀይራለች። የአካውንቱ ባለቤት አሁን ከዱባይ ልትገባ ስትሞክር፣ ጉግል አገሩም ቀፎውም አዲስ ስለሆነበት አዲስ አበባ ያለው ስልክ ላይ ጥያቄ ሊያወጣ ይችላል፤ አንዳንዴ ከሦስት ቁጥሮች ትክክለኛውን ምረጡ ይላል። እህት ኢንተርኔቱን ሳታጠፋ የአካውንቱ ባለቤት የምታነብላትን ቁጥር ትንካ። አንዱ ወገን ቢዘገይ ጥያቄው ጊዜው ያልፍበታል፣ ደጋግሞ መሞከር ደግሞ ጉግልን ያጠራጥራል። ለዚህ ነው በቀጥታ እየተነጋገሩ መሥራት የሚሻለው። ከገባች በኋላ ኮዶቹን ጽፋ ትይዝ። የድሮው ስልክ ግን ቢያንስ አንድ ሳምንት ሳይሸጥና ሳይደመሰስ ይቆይ።

ስልኩ ፈጽሞ ከሌለ የሚቀረው `g.co/recover` ነው። እዚያ ዕድላችሁ የሚጨምረው ቀድሞ በምትጠቀሙበት ዋይፋይና ኮምፒውተር ስትሞክሩ ነው። ስለዚህ ውጭ አገር ሆናችሁ አሥር ጊዜ ከምትሞክሩ፣ ለእረፍት አዲስ አበባ ስትገቡ ቤት ሆናችሁ አንድ ጊዜ በጥሞና መሞከር ይሻላል።

ቅጂ ማውጣት

ፎቶ ያለበትን አካውንት በሕይወት ከማቆየት ጎን ቅጂውን አውጡ። `takeout.google.com` ክፈቱ፣ መጀመሪያ Deselect all በሉ፣ ከዚያ የምትፈልጉትን ብቻ ምረጡ፣ አለዚያ የማያስፈልግ ሁሉ ይጫናል። የፋይል መጠን ሲጠይቃችሁ 1 ጊጋባይት ምረጡ። መስመሩ መሀል ላይ ቢቋረጥ የምታጡት አንዱን ቁራጭ ብቻ ነው፤ በ10 ጊጋባይት ብትመርጡት ግን ዘጠነኛው ላይ ሲቋረጥ ከፍላችሁ የገዛችሁት ዳታ በሙሉ ይባክናል። ሊንኩ በኢሜይል ይመጣል፤ ብዙ ፎቶ ካለ ሰዓታት አልፎ ቀናት ይፈጃል። ከመጣ በኋላ በአንድ ሳምንት ገደማ ጊዜው ያልፋል፣ ስለዚህ ዳታችሁን አዘጋጅታችሁ ጠይቁ።

እናንተ ብትታመሙ ወይም ብትሞቱ ቤተሰብ እንዲያገኘው ከፈለጋችሁ `myaccount.google.com/inactive` የሚባል ገጽ አለ። ስንት ወር ከጠፋችሁ (ከ3 እስከ 18) ለማን ይነገር፣ ምን ይሰጠው ብላችሁ ትመርጣላችሁ፤ እስከ 10 ሰው ማስመዝገብ ይቻላል። የተመረጠው ሰው እስከ ቀኑ ድረስ ምንም አይደርሰውም። በመጨረሻው ገጽ ላይ አካውንቱ ይሰረዝ ወይ የሚል ማብሪያ አለ፤ ፈልጋችሁ ካልሆነ በቀር አታብሩት።

የሌሎቹ ሰዓት ከጉግል ያነሰ ነው

ማይክሮሶፍትም ለአካውንቱ ሁለት ዓመት ይሰጣል፤ የአውትሉክ ኢሜይልና የዋንድራይቭ ፋይል ግን በአንድ ዓመት ሊሰረዙ ይችላሉ። ያሁ ሜይል 12 ወር ካልገባችሁበት ሳጥኑን ባዶ ያደርገዋል፣ የተሰረዘውም አይመለስም። ያሁ በ2013 ከዓመት በላይ ያልተነኩ ስሞችን ለአዲስ ሰዎች ሰጥቶ ነበር፤ አንዳንድ አዲስ ባለቤቶችም የድሮዎቹን ሰዎች የግል ደብዳቤ መቀበል ጀመሩ። የጂሜይላችሁ መልሶ ማግኛ የድሮ ያሁ ከሆነ ዛሬውኑ አውጡት።

ዋትስአፕ 120 ቀን ያልተገናኘ አካውንትን ይሰርዛል። ቴሌግራም ላይ ጊዜውን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፦ Settings፣ ከዚያ Privacy and Security፣ ከዚያ ከታች ስለ አካውንት ስረዛ የሚናገረውን መስመር ክፈቱና ረጅሙን ጊዜ ምረጡ። አንዳንዱ አካውንት ከዓመታት በፊት በአጭር ጊዜ ተቀምጦ እንደቀረ ነው። ሲሰረዝ መልእክቱና ፎቶው ይጠፋል፤ የከፈታችሁትን ቻናልም ማስተዳደር አትችሉም። ቻናል ያላችሁ ሌላ የምታምኑትን አካውንት አስተዳዳሪ አድርጉ።

እነዚህ ሁለቱ የሚቆሙት በሲም ቁጥር ላይ ነው። የማይሞላ፣ የማይደወልበት ሲም በጊዜው ይዘጋል፣ ቁጥሩም ለሌላ ደንበኛ ይሸጣል። ያ ሰው ቴሌግራም ሲከፍት የመግቢያ ኮዱ በጽሑፍ መልእክት ለእሱ ይመጣል። ከአገር ስትወጡ ቁጥሩን የማትይዙት ከሆነ፣ ሲሙ ገና ሲሠራ ሳለ ቴሌግራም ላይ Change Number፣ ዋትስአፕ ላይም Change number በሚለው ወደ አዲሱ አዛውሩ፤ ሁለቱም ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ፣ መልሶ ማግኛ ኢሜይሉንም አሁን ባደሳችሁት ጂሜይል ተኩት።

ተሰርዞ ካገኛችሁት

`g.co/recover` ላይ አድራሻውን ጻፉ። ስረዛው የቅርብ ከሆነ መልሶ የማግኘት ዕድል አለ፣ ስለዚህ ቀን አታሳልፉ። «Couldn't find your Google Account» ካለ ግን ወይ አድራሻው ተሳስቷል ወይ አልፎበታል። ወረቀቱ ላይ የጻፋችሁትን አንድ ጊዜ አስተያዩ፤ ከዚያ ያንን አድራሻ መግቢያ ያደረጋችሁባቸውን ፌስቡክና ሌሎችን፣ ስልኩ ላይ ገና ገብታችሁ ሳለ፣ አንድ በአንድ ወደ አዲሱ ኢሜይል ቀይሩ።